«ሰው እስክንቀጥር ድረስ ያዥልን»

በግል ትምህርት ቤት ሥራ ሲጨመር ደብዳቤ አይጻፍም። ኮሪደር ላይ ነው የሚጨመረው። «ሚስ፣ 4ኛ ሠን ለጊዜው ያዥልን፣ ሰው እስክንቀጥር ድረስ።» መምህሯ ደብተር ታቅፋ ወደ ክፍል እየሮጠች ነው። ደወሉ ተደውሏል። «እሺ» ትላለች። ጥቅምት ላይ የተባለው «ለጊዜው» መጋቢትም ላይ ለጊዜው ነው። ሰው አልተቀጠረም። የሚቀጠርም አይመስልም፤ ክፍሉ መምህር አለዋ!

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለዓመታት ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆኜ ሠርቻለሁ። የደመወዝ ይስተካከልልኝ ደብዳቤ ብዙ አንብቤያለሁ። አብዛኛው የሚወድቀው ጥያቄው ስህተት ስለሆነ አይደለም። ሊያሳምን የሚገባው ሰው እጅ ሲገባ የሚያሳምን ነገር ስለሌለው ነው።

ባለፈው መጋቢት የቀድሞ ባልደረባዬ የራሷን ይዛ መጣች። ሌላ ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው፣ የ4ኛ ክፍል ሂሳብ። በእጅ የተጻፈ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። የመጀመሪያው ገጽ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ፣ የዘይትና የጤፍ ዋጋ ነበር። ሁለተኛው ገጽ «ላለፉት ዓመታት በቅንነትና በታማኝነት» እያለ ይቀጥላል። የተጨመረባት ሥራ የሚገኘው መጨረሻ አካባቢ ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ «በተጨማሪም የተለያዩ ተደራራቢ ኃላፊነቶችን በመወጣት ላይ እገኛለሁ።»

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ከታች ወደ ላይ ገልብጪው» አልኳት። «ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት ደብዳቤው።»

አልተዋጠላትም። ኑሮ ተወዷል ማለት ውሸት ነው ወይ አለችኝ። ውሸት አይደለም። ግን ደብዳቤው የሚሄድበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። በግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ ብር አትይዝም። ብሩ ባለቤቱ ጋ ነው። ዳይሬክተሯ ደብዳቤውን ይዛ ባለቤቱ ቢሮ ትገባለች፣ ከዚያ የምታወራው መምህሯ በሰጠቻት ቃል ነው። «የቤት ኪራይ ጨምሮባታል» ብትል ባለቤቱ ምን ይላል? «ለማን ያልጨመረ አለ?» ይላል። እዚያው ያልቃል፤ ለአንዷ ከተጨመረ ለሁሉም ሊጨመር ነዋ! «ውሏ 20 ክፍለ ጊዜ ነው፣ አሁን 25 ታስተምራለች» ብትል ግን ወሬው ስለ አንዲት መምህርትና ስለ አንድ ክፍል ይሆናል። ባለቤቱ እምቢ ማለት ይችላል። «ለማን ያልጨመረ አለ» ማለት ግን አይችልም።

(በመንግሥት ትምህርት ቤት ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ደመወዝ የሚወጣው ከመንግሥት የደመወዝ ስኬልና ከመምህራን የደረጃ እድገት መሰላል ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢፈልግም በራሱ ሥልጣን 100 ብር አይጨምርም። የምጽፈው ስለ ግሉ ነው።)

ስለዚህ ቁጭ ብለን ምን እንደተጨመረባት ቆጠርን። ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። መጀመሪያ የዘረዘረችው ሁሉንም ነበር፦ የበር ተረኝነት፣ ፈተና መፈተን፣ ኮሙኒኬሽን ቡክ መሙላት፣ የወላጆች ቀን፣ የክበብ ሥራ፣ የ4ኛ ለ የክፍል ኃላፊነት። እርሳስ ይዤ አብዛኛውን ሰረዝኩት። ይህን ሁሉም መምህር ይሠራዋል፤ የክፍል ኃላፊነቱ ደግሞ ውሏ ላይ ከመጀመሪያውም አለ። ዳይሬክተሯ እነዚህን ስታይ «ይሄማ የማንም ሥራ ነው» ትልና ከጎኑ ያለውን እውነተኛውን ጭማሪም በዚያው ዓይን ታየዋለች። አሥር ነገር ከመዘርዘር ማንም ሊክደው የማይችል ሁለት ነገር ይሻላል።

የቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው 4ኛ ሠ ነው። ክፍሉን ይይዝ የነበረው መምህር ለቀቀና ከጥቅምት ጀምሮ እሷ ያዘችው። ሁለተኛው ከኅዳር ጀምሮ የሂሳብ ዲፓርትመንት ተጠሪ መሆኗ ነው። የበፊቱ ተጠሪ ዩኒት ሊደር ሲሆን ቦታው ወደ እሷ ዞረ። የመምህራኑን ሌሰን ፕላን በየሳምንቱ ታያለች፣ የፈተና ወረቀት ታርማለች፣ ስብሰባ ትመራለች፣ ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች።

አሁን 4ኛ ሠን በቁጥር እንየው። ሂሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ነው። ስትቀጠር የተሰጣት አራት ሴክሽን፣ ማለትም 20 ክፍለ ጊዜ ነበር። አሁን 25 ሆኗል። ትምህርት ቤቱ በቀን 7፣ በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ አለው። ስለዚህ ድሮ 15 ክፍት ክፍለ ጊዜ ነበራት፣ አሁን 10 ቀራት። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ያጣችው ጊዜ በሳምንት 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከ20 ወደ 25 መሄድ ብዙ የማይመስለው ክፍል ውስጥ የሚጠፋውን ብቻ ለሚያይ ሰው ነው። ክፍት ክፍለ ጊዜ ደብተር የሚታረምበት ሰዓት ነው። 4ኛ ሠ 44 ተማሪ አለው። አንድ ደብተር 2 ደቂቃ ቢወስድ አንድ ዙር እርማት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በሳምንት ሁለቴ ስታርም 3 ሰዓት። ማረሚያ ሰዓቷ ተወስዶ ማረም ያለባት ደብተር ጨመረ። የቀረው በፌስታል ተጭኖ ቤት ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ መምህር «የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባኛል» ብሎ ይጽፋል። እሷም አስባው ነበር። እኔ አውጪው አልኳት። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ከዚያ በላይ በቀን የተሠራ ሥራ በ1.5 እጥፍ ይከፈላል። እሷ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገብታ 9 ሰዓት ተኩል ትወጣለች። የተጨመሩት 5 ክፍለ ጊዜዎች ያሉት በዚያው ውስጥ ነው። ቤት ወስዳ የምታርመውንም ማንም «ቤትሽ አርሚ» ብሎ አላዘዛትም፤ ትርፍ ሰዓት ለመባል ደግሞ አሠሪው በግልጽ ማዘዝ አለበት። ስለዚህ በሕጉ በኩል ብትሄድ የትምህርት ቤቱ ጠበቃ በአምስት ደቂቃ ይመልሳታል፣ ዳይሬክተሯም «ልትከሰን ነው» ብላ በሯን ትዘጋለች። የያዘችው ጠንካራ ነገር ሌላ ነው፦ የተስማማችበት የሥራ መጠን ተለውጧል፣ ለለውጡ ግን አንድም ነገር በጽሑፍ የለም።

ማስረጃ አላት ወይ? አላት፣ ግን ማስረጃ መሆኑን አታውቅም ነበር። የመስከረሙ የክፍለ ጊዜ ድልድል ስልኳ ውስጥ በፎቶ አለ፣ 20። የጥቅምቱ መምህራን ክፍል ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ 25። «4ኛ ሠ ከሰኞ ጀምሮ» የሚለው መልእክት የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። የአንደኛ ሴሚስተር ማርክ ሊስት ላይ የ4ኛ ሠ ፊርማ የእሷ ነው። የዲፓርትመንት ቃለ ጉባኤዎች ላይ «ሰብሳቢ» ተብላ ፈርማለች። ከእነዚህ የሁለቱን ድልድል ኮፒ ብቻ አያያዝን። ፋይል አሰባስቦ መሄድ ሌላ ዓይነት ስሜት ይፈጥራል፤ ገና ለገና ክርክር ያስመስለዋል።

ቀጥሎ ብሩ። ይሉኝታ የሚይዘን እዚህ ላይ ነው። «እንደ አስፈላጊነቱ ታይቶ ተገቢው ማስተካከያ እንዲደረግልኝ» ብለን እንጨርሳለን። ቁጥር መጻፍ ያሳፍራል። ቁጥር የሌለው ጥያቄ ግን ባለቤቱ የፈለገውን 500 ብር ጨምሮ «ተስተካክሏል» እንዲል ያስችለዋል። ደመወዟ 12,000 ብር ነው። ለ20 ክፍለ ጊዜ ሲካፈል ለአንዱ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ በወር 600 ብር ይመጣል። ለ5 ክፍለ ጊዜ 3,000። ይህ ስሌት ፍጹም አይደለም፣ ዳይሬክተሯም «የምንከፍለው በክፍለ ጊዜ አይደለም» ልትል ትችላለች። ቢሆንም ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ቁጥር ነው። ደግሞም ለ5 ክፍለ ጊዜ ብቻ ፓርት ታይም መምህር በ3,000 ብር ይገኛል ወይ? ዳይሬክተሯ መልሱን ከእኛ በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ አላስገባነውም። «ብለቅ ታገኙ እንደሆነ እናያለን» የሚል ቃና ያመጣል። የጓደኛን ደመወዝም አይጻፉ። «እገሌ ከእኔ ይበልጣል» ስትል ያቺ እገሌ ናት የምትጠራው።

በመጨረሻ የወጣው ደብዳቤ ይህ ነው። ስሞቹን አስቀርቼ ነው የማስቀምጠው።

«ቀን፦ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት

ጉዳዩ፦ የደመወዝ ማስተካከያ ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በቅጥር ውሌ መሠረት የ4ኛ ክፍል ሂሳብ መምህርት ሆኜ በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ለማስተማር በ12,000 ብር ወርሃዊ ደመወዝ በመሥራት ላይ እገኛለሁ። ከጥቅምት ወር ጀምሮ የ4ኛ ሠ ክፍል ተጨምሮልኝ የማስተምረው 25 ክፍለ ጊዜ ሆኗል። ከኅዳር ወር ጀምሮ ደግሞ የሂሳብ ዲፓርትመንት ተጠሪ ሆኜ እየሠራሁ ነው። ሁለቱንም ሥራዎች የተቀበልኩት ክፍሉ ያለ መምህር እንዳይቀር በማሰብ ሲሆን፣ እስካሁን በጽሑፍ የተደረገ የውል ማሻሻያ የለም።

ስለዚህ፦ ለተጨመረው 5 ክፍለ ጊዜ በመሠረታዊ ደመወዜ ላይ 3,000 ብር እንዲጨመርልኝ፣ ለዲፓርትመንት ተጠሪነቱም ትምህርት ቤቱ በሚወስነው መጠን የኃላፊነት አበል እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ በ2019 የትምህርት ዘመን ድልድል ወደ 20 ክፍለ ጊዜ እንድመለስ እንዲደረግልኝ አመለክታለሁ። ጉዳዩን በአካል ለማስረዳት በሚመችዎት ጊዜ ዝግጁ ነኝ። የመስከረምና የጥቅምት የክፍለ ጊዜ ድልድል ኮፒ አያይዣለሁ።

ከሠላምታ ጋር»

በቃ። አንድ ገጽ አይሞላም። ስትጨርስ «ደረቀብኝ» አለች። ትንሽ ይደርቃል፣ እውነት ነው። ያለፉት ወራት ውዝፍም አልተጠየቀም። እሷ ከጥቅምት ጀምሮ ይከፈለኝ ልትል ፈልጋ ነበር። መብቷ አይደለም አላልኳትም፣ ግን ባለቤቱን ዓመቱን ሙሉ ስትበዘበዝ ኖራለች ብሎ እንዲያምን የሚጠይቅ ጥያቄ ነው። ለዚያ የሚፈርም ባለቤት አላየሁም።

«ይህ የማይቻል ከሆነ» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ብዙ ተከራክረናል። እሷ «ራሴ መውጫ ሰጠኋቸው እኮ» አለች። እኔ ደግሞ ዳይሬክተሯ የምትይዘው ይህንኑ ነው አልኩ። ባለቤቱ እምቢ ካለ ዳይሬክተሯ ለመስከረም 4ኛ ሠን የሚይዝ ሰው መፈለግ አለባት። እምቢታው ዋጋ አለው ማለት ነው። ያለዚህ ግን እምቢ ማለት ለትምህርት ቤቱ ነፃ ነው።

መጋቢት የመረጥነውም በምክንያት ነው። የግል ትምህርት ቤት ገቢው የተማሪ ክፍያ ነው። ለቀጣዩ ዓመት የሚጨመረው ክፍያ ከወላጅ ጋር የሚነገርበትና የመምህራን ውል የሚታደስበት ጊዜ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ውስጥ ነው። ባለቤቱ ወረቀት ይዞ የሚደምረው ያኔ ነው። ነሐሴ ላይ የመጣ ደብዳቤ ምን ቢያምር ድምሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ ሰጥታ ኮፒው ላይ «ደርሶኛል» አስፈርማ ያዘች። ግልባጭ ለባለቤቱ አላደረገችም። ዳይሬክተሯን ዘሎ መሄድ ተሟጋቿን ማጣት ነው።

ዳይሬክተሯ ስትጠራት የጠየቀቻት የተጠበቀውን ነበር። «ሌሎቹም እንዲህ ቢጽፉስ?» እሷም፣ «25 የሚያስተምሩ ከሆነ እነሱም ይገባቸዋል» አለች። ዳይሬክተሯ ሳቀች አለችኝ። እኔ ብሆንም እስቅ ነበር።

መልሱ ከባለቤቱ ሲመጣ ደስ የሚል ነበር የሚመስለው፦ 3,000 ብሩ ሙሉ ይሰጣል፣ ግን «ልዩ አበል» ተብሎ። የተጠሪነቱም እዚያው ውስጥ ይካተታል። ጓደኛዬ ወዲያው ደወለችልኝ። «ተሳካ!» እኔ ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ።

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራው የግብር ሠንጠረዥ ከ12,000 ብር ላይ 2,250 ብር ግብር ይቆረጣል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር። እጇ የሚገባው 8,910 ነው። 3,000 ብሩ መሠረታዊ ደመወዝ ላይ ቢጨመር ከ15,000 ላይ ግብሩ 3,200፣ ጡረታው 1,050 ይሆንና እጇ የሚገባው 10,750 ይመጣል። አበል ከሆነ ግን ግብሩ ያው 3,200 ነው፣ ጡረታው የሚታሰበው በ12,000 ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ 10,960 ይደርሳታል። አበሉ በወር 210 ብር ይበልጣል!

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለች።

ችግሩ ከወዲያ በኩል ነው። ትምህርት ቤቱ በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ 11 በመቶ ጡረታ ይከፍልላታል። በአበል ላይ አይከፍልም። ስለዚህ ከ3,000 ብሩ ጋር ሊከፍል የሚገባውን 330 ብር በየወሩ ያድናል። እሷ 210 ብር አገኘሁ ስትል፣ በጡረታዋ በኩል 540 ብር አልገባላትም። ከሁሉም በላይ አበል ከሥራው ጋር የሚሄድ ነገር ነው። መስከረም ላይ «4ኛ ሠ ሰው አግኝቷል» ሲባል አበሉ ይቆማል። ሰኔ ላይ ሁሉም በመቶኛ ሲጨመርለት ደግሞ መቶኛው የሚሰላው በ12,000 ላይ ነው፣ በ15,000 ላይ አይደለም።

የዲፓርትመንት ተጠሪነት አበል ቢሆን አያስከፋም። ዛሬ እሷ ናት፣ ነገ ሌላ ሰው ነው። ክፍለ ጊዜው ግን የሥራዋ መጠን ነው። ይህን ለይታ ተመልሳ ገባች። መሀል ላይ ተገናኙ፦ 2,000 ብር በመሠረታዊ ደመወዝ፣ 1,000 ብር የተጠሪነት አበል፣ ከሚያዝያ ወር ጀምሮ። ከጠየቀችው ያንሳል፣ ለተጠሪነቱ ለብቻው ምንም አልተጨመረም ማለት ይቻላል። ለውሉም ማሻሻያ ደብዳቤ ይጻፍ አለች። ዳይሬክተሯ «በቃል ተግባብተናል እኮ» ብትልም ጻፈችላት፤ አጭር ናት፣ ማኅተም አላት፣ 14,000 እና 1,000 ተለያይተው ተጽፈዋል።

የሚያዝያው ደመወዝ ሲወጣ ባንክ የገባው 10,960 ነበር። ደስ ብሏት ልታልፈው ነበር። የተስማሙበት ግን 10,820 ነው፤ ከ14,000 ላይ 7 በመቶ ሲቆረጥ 980፣ ግብር 3,200። ብሩ በልጦ የመጣው ፋይናንስ ሦስቱንም ሺህ አበል ስር ስላስገባው ነው። የደመወዝ ስሊፑ ላይ «ጡረታ» የሚለው ዓምድ እንደ ድሮው 840 ይላል። ማኅተም ያለባትን ደብዳቤ ኮፒ ይዛ ፋይናንስ ሄደች። ሒሳብ ሹሙ «ያልታረመ ነው፣ በሚቀጥለው ይስተካከላል» አላት። የግንቦቱ ላይ ጡረታው 980 ሆኖ መጣ።